ሁለት ነጥቦች ሲቀራረቡ፦ የታንጀንት ተዳፋት ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2009 በበርሊኑ ኦሊምፒክ ስታዲየም ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት መቶ ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። መቶን ለ9.58 ያካፈለ ሰው በሰከንድ 10.44 ሜትር ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ቦልት ከመነሻው ተስፈንጥሮ ሲፈጥን ይህን ፍጥነት ነክቶት አለፈ እንጂ በእሱ አልዘለቀም። ሽጉጡ ሲተኮስ ፍጥነቱ ዜሮ ነበር፤ ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ከ10.44 በብዙ ይበልጥ ነበር።

ውድድሩ በየ20 ሜትሩ ተለክቷል። ቦልት 20 ሜትርን በ2.89 ሰከንድ፣ 40ን በ4.64፣ 60ን በ6.31፣ 80ን ደግሞ በ7.92 ሰከንድ አልፏል። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 80 ሜትር ያለውን ክፍል ብቻ ነጥለን ብንወስድ 20 ሜትር በ1.61 ሰከንድ ተሮጧል፤ በሰከንድ 12.42 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህ አሃዝ ከመጀመሪያው ይልቅ የሯጩን ጉልበት በደንብ ያሳያል። ይሁን እንጂ እሱም አማካይ ነው፤ የ20 ሜትር አማካይ።

አንድ ሰው አሁን ተነስቶ «ልክ 70ኛው ሜትር ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? ከ65 እስከ 75 ሜትር ያለውን መውሰድ ይቻላል። ከ69 እስከ 71 ያለውን መውሰድም ይቻላል። ክፍሉ ባጠረ ቁጥር መልሱ ወደ ጥያቄው ይጠጋል። ሆኖም ክፍሉን እስከ መጨረሻው አሳጥረን አንዲት ነጥብ ላይ ብንቆም የተሄደው ርቀት ዜሮ፣ የፈጀው ጊዜም ዜሮ ይሆንና ዜሮን ለዜሮ አካፍሉ እንባላለን። ይህ ደግሞ መልስ የለውም። ሯጩ ግን በዚያች ቅጽበት ቆሞ አልነበረም፤ ፍጥነት ነበረው። ደሪቬቲቭ የሚባለው የሒሳብ ሐሳብ የተገኘው ይህን ግድግዳ ከማለፍ ነው።

ነገሩ በዓይን ቢታይ ይቀላል። በወረቀት ላይ አግድም ጊዜን፣ ሽቅብ ደግሞ የተሮጠውን ርቀት እናስቀምጥ። የቦልት ሩጫ ከታች ግራ ተነስቶ ወደ ላይ የሚታጠፍ አንድ ኩርባ ይሆናል። በኩርባው ላይ ሁለት ነጥቦች መርጠን በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ብናሳልፍባቸው ኩርባውን ሁለት ቦታ የሚቆርጥ መስመር እናገኛለን፤ ሴካንት የሚባለው ይህ ነው። የአንድ መስመር ተዳፋት ማለት ደግሞ ወደ ቀኝ አንድ አሃድ ስንሄድ መስመሩ ስንት አሃድ ከፍ እንደሚል የሚናገር ቁጥር ነው። ሽቅቡ ርቀት፣ አግድሙ ጊዜ ስለሆነ የሴካንቱ ተዳፋት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በሌላ አነጋገር አማካይ ፍጥነት። 10.44 ከመነሻው እስከ መድረሻው የተዘረጋው ሴካንት ተዳፋት ነው። 12.42 ደግሞ የ60ኛውንና የ80ኛውን ሜትር ነጥቦች የሚያገናኘው ሴካንት ተዳፋት ነው። እስካሁን ስናሰላ የቆየነው ሁሉ የሴካንት ተዳፋት ነበር ማለት ነው።

የቦልት ሩጫ በአንድ አጭር ፎርሙላ አይጻፍም። ስለዚህ ሁለቱ ነጥቦች ሲቀራረቡ የሚሆነውን እስከ መጨረሻው ለመከታተል ፎርሙላው የታወቀ ኩርባ ያስፈልጋል። ከሁሉም ቀላሉ y = x² ነው፤ ፓራቦላ። ቅርጹ ከእውነተኛ እንቅስቃሴም የራቀ አይደለም፤ ጋሊሊዮ እንዳሳየው ከእጅ የተለቀቀ ድንጋይ የሚወድቀው ርቀት ከጊዜው ስኩዌር ጋር እኩል ምጣኔ ያድጋል።

በፓራቦላው ላይ x እና y ሁለቱም 1 የሆኑበትን ነጥብ እንውሰድና አንሂድበት፤ እዚያው ተተክሎ ይቆይ። የሚንቀሳቀሰው ሁለተኛው ነጥብ ነው። መጀመሪያ x ላይ 2 ላይ እናስቀምጠው፤ ቁመቱ 4 ይሆናል። ከ1 ወደ 2 ስንሄድ ቁመቱ ከ1 ወደ 4 በ3 ጨመረ፤ የሴካንቱ ተዳፋት 3 ነው። ሁለተኛውን ነጥብ ወደ 1.5 እናምጣው። ቁመቱ 2.25 ነው፤ ጭማሪው 1.25 ሲሆን ለ0.5 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። ወደ 1.1 ሲመጣ ቁመቱ 1.21፣ ተዳፋቱ 2.1። ወደ 1.01 ሲመጣ 2.01። ወደ 1.001 ሲመጣ 2.001።

ከግራ በኩል ብንመጣስ? ሁለተኛው ነጥብ 0 ላይ ሲሆን ተዳፋቱ 1 ነው። 0.9 ላይ 1.9 ይሆናል። 0.99 ላይ ደግሞ 1.99።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያሻል። በቀኝ በኩል ያሉት ሴካንቶች ሁሉም ከ2 የሚበልጥ ተዳፋት አላቸው፤ ነጥቦቹ ሲቀራረቡም ቁልቁል ወደ 2 ይወርዳሉ። በግራ በኩል ያሉት ሁሉም ከ2 ያንሳሉ፤ እነሱም ሽቅብ ወደ 2 ይወጣሉ። በተተከለችው ነጥብ ዙሪያ እየዞሩ ከሁለቱም ወገን አንዲት መስመር መሀላቸው ያስገባሉ። በዚያች ነጥብ የምታልፍና ተዳፋቷ ልክ 2 የሆነች መስመር አንዲት ብቻ ነች፤ እሷም y = 2x − 1 ነች። ታንጀንት የምትባለው ይህች ናት። ደሪቬቲቭ የሚባለው ቁጥር ደግሞ የእሷ ተዳፋት ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ 2።

«ለምን በትክክል 2? ለምን 2.0001 አይሆንም?» የሚል አንባቢ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የሐሳቡን እምብርት ያሳያል። በተተከለችው ነጥብ የሚያልፍና ተዳፋቱ 2.0001 የሆነ መስመር ብንስል በዓይን ከታንጀንቱ ልንለየው አንችልም። ነገር ግን ሒሳቡን ብንሠራ ያ መስመር ፓራቦላውን እንደገና x = 1.0001 ላይ ይቆርጠዋል። ስለዚህ እሱ ራሱ ሴካንት ነው። በጠቅላላው በዚያች ነጥብ የሚያልፍ ተዳፋቱ m የሆነ መስመር ሁሉ ፓራቦላውን ሁለተኛ ጊዜ የሚያገኘው x = m − 1 ላይ ነው። ተዳፋቱ 2.5 ከሆነ 1.5 ላይ፣ ተዳፋቱ 1.9 ከሆነ 0.9 ላይ። ሁለተኛው መገናኛ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሚሆነው m ልክ 2 ሲሆን ብቻ ነው። ከ2 በማንኛውም መጠን፣ በቢሊዮንኛም ቢሆን፣ የራቀ ተዳፋት ሁሉ ከሴካንቶቹ የአንዱ ነው። ለታንጀንቱ የቀረው ቁጥር አንድ ብቻ ነው።

የተዳፋቶቹ ሰልፍ፣ 3፣ 2.5፣ 2.1፣ 2.01፣ 2.001፣ ወደ 2 እንደሚሄድ ዓይን ይገምታል። ግምት ግን ማረጋገጫ አይደለም። ጥቂት አልጀብራ ሁሉንም ሴካንቶች ባንዴ ያሳየናል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን የአግድም ርቀት h እንበለው። ሁለተኛው ነጥብ x = 1 + h ላይ ነው፤ ቁመቱም (1 + h)²። የተዳፋቱ ስሌት እንዲህ ይሆናል፦

```
((1 + h)² − 1) / h  =  (2h + h²) / h  =  2 + h
```

የመጨረሻዋ 2 + h ሁሉንም ትናገራለች። h 1 ሲሆን 3፣ h 0.1 ሲሆን 2.1፣ h ከዜሮ በታች 0.01 ሲሆን 1.99። እያንዳንዱ ሴካንት ከታንጀንቱ የሚለየው በ h መጠን ብቻ ነው፤ h ሲያንስ ልዩነቱም ያንሳል። በ1 ፈንታ ማንኛውንም x ብንወስድ በዚሁ መንገድ 2x + h ይወጣል። ስለዚህ የ x² ደሪቬቲቭ 2x ነው፤ x 3 ላይ ተዳፋቱ 6፣ የፓራቦላው ግርጌ ላይ 0፣ x −1 ላይ −2። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በቃሉ የሚይዘው ደንብ ከዚህች አንዲት መስመር የወጣ ነው።

የሚሳሳቱበት ቦታም እዚችው መስመር ላይ ነው። ብዙ ተማሪ «h ዜሮ ይሆናል» የሚለውን ይሰማና ገና ከጅምሩ በ h ቦታ ዜሮ ይተካል። ያኔ ከላይም ዜሮ ከታችም ዜሮ ይሆንና ስሌቱ ይሞታል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ h ዜሮ አለመሆኑን ይዞ ማካፈል ነው። ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ከሌሉ ሴካንትም የለም፤ h ዜሮ ካልሆነ ደግሞ ከላይና ከታች ማጣፋት ይፈቀዳል። ከተጣፋ በኋላ በቀረው 2 + h ላይ «h ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይህ ቁጥር ወዴት ይጠጋል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚጠየቀው የሚጠጋበት ቦታ ነው።

ይህን ልዩነት አጥርቶ ለመናገር የአውሮፓ ሊቃውንት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ፣ ሙያው የሕግ ሆኖ ሒሳብን በትርፍ ጊዜው የሠራ ሰው፣ በ1630ዎቹ ከላይ ካየነው ጋር በጣም የሚቀራረብ ዘዴ ነበረው። ሁለት የተጠጉ ነጥቦች ይወስዳል፣ በመካከላቸው ያለውን ትንሽ ልዩነት ያካፍልበታል፣ ከዚያ ልዩነቱን ይጥለዋል። ሬኔ ዴካርት ደግሞ በ1637 ባሳተመው ላ ጂኦሜትሪ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ኩርባውን በአንድ ነጥብ ላይ የሚያገኝ ክብ ይሥላል፣ ሁለቱ መገናኛዎች አንድ የሚሆኑበትንም ይፈልጋል። ከላይ «ሁለተኛው መገናኛ ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሚሆነው m 2 ሲሆን ብቻ ነው» ያልነው የዚህ ሐሳብ ዘመድ ነው። የዴካርት መንገድ ጥያቄውን ወደ ንጹህ አልጀብራ ይመልሰዋል፤ ኩርባው ትንሽ ሲወሳሰብ ግን ስሌቱ ቶሎ ከእጅ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጉዳይ በ1638 በደብዳቤ ተከራክረዋል። ጊዜ ያደላው ለፌርማ መንገድ ነው፤ አይዛክ ኒውተንና ጎትፍሪድ ላይብኒዝም በየራሳቸው ሰፊ ሥርዓት አድርገው ያሳደጉት ይህንኑ ሐሳብ ነው። ላይብኒዝ የራሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተመው በ1684 ነው።

ዘዴው ይሠራ ነበር፤ መሠረቱ ግን ይነቃነቅ ነበር። በ1734 አየርላንዳዊው ጳጳስ ጆርጅ በርክሊ ዘ አናሊስት በተባለ ጽሑፉ የያዘው ነጥብ ጠንካራ ነበር። ስታካፍሉ ይህ ልዩነት ዜሮ አይደለም ትላላችሁ፤ መልስ ስትጽፉ ደግሞ ዜሮ ነው ብላችሁ ትጥሉታላችሁ፤ አንድ ነገር ሁለቱንም ሊሆን አይችልም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። በርክሊ ትክክል ነበር። መልሱ የተገኘው ግን ልዩነቱን አንዴ ያለ አንዴ የሌለ ከማድረግ አይደለም። ፈረንሳዊው ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ በ1820ዎቹ ባሳተማቸው የትምህርት መጻሕፍት ደሪቬቲቭን በሊሚት ላይ አቆመው። h ዜሮ እንዲሆን ጨርሶ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ይህ ነው፦ አንድ ሰው «ተዳፋቱ ከ2 በአንድ ሺህኛ እንኳ እንዳይርቅ እፈልጋለሁ» ቢል ያንን የሚያሟላ ቅርበት መስጠት እንችላለን ወይ? እንችላለን፤ h በሁለቱም ወገን ከ0.001 ያነሰ ይሁን። በሚሊዮንኛ ቢጠይቅ? h ከ0.000001 ያነሰ ይሁን። ጠያቂው የቱንም ያህል ጠባብ ልዩነት ቢጠይቅ መልስ ካለን 2 ሊሚት ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ h አንዴም ዜሮ አልሆነም፤ የበርክሊ ተቃውሞ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

ትምህርት ቤት ስለ ክብ ሲማር የቆየ ሰው ታንጀንትን «ኩርባውን አንድ ቦታ ብቻ ነክቶ የማይቆርጥ መስመር» ብሎ ያውቀዋል። ከኤውክሊድ ዘመን ጀምሮ ለክብ የተሰጠው ትርጉም ወደዚህ የቀረበ ነው፤ ለክብም በቂ ነው። ለሌሎች ኩርባዎች ግን ያሳስታል፤ ሴካንቶቹን አስጠግቶ ታንጀንትን መፈለግ ለምን እንደሚሻል የሚታየውም በዚህ ነው። በፓራቦላችን ላይ x = 1 የሆነውን ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር እንይ። ፓራቦላውን አንድ ቦታ ብቻ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ሰንጥቆት ያልፋል እንጂ ታንጀንት አይደለም። በተቃራኒው y = x³ ላይ በዚያችው ነጥብ፣ x እና y 1 በሆኑበት፣ የሴካንቱ ተዳፋት 3 + 3h + h² ይወጣል፤ h ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወደ 3 ይሄዳል። ታንጀንቱ y = 3x − 2 ነው። ይህን መስመር ወደ ግራ ብናስረዝመው x −2፣ y −8 በሆኑበት ቦታ ኩርባውን እንደገና ይቆርጠዋል። ያ ግን ታንጀንትነቱን አያስቀረውም። ታንጀንት የሚመሰከርለት በነጥቡ አጠገብ ባለው ሁኔታ ነው፤ ሩቅ የሚሆነው አይመለከተውም። በዚሁ በ x³ ላይ ዜሮ ነጥብ ብንሄድ ደግሞ ታንጀንቱ አግድም የተኛ መስመር ሆኖ ኩርባውን እዚያው ነጥብ ላይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያቋርጠዋል፤ ሆኖም ታንጀንት ነው፤ ሴካንቶቹ ከሁለቱም ወገን የሚጠጉት ወደ እሱ ነውና።

«በነጥቡ አጠገብ» የሚለውን በቁጥር ማየት ይቻላል። በፓራቦላችን ላይ አንዱ አሃድ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን አድርገን በትልቅ ወረቀት ብንሥል፣ h 1 ሲሆን በኩርባውና ሁለቱን ነጥቦች በሚያገናኘው ቀጥታ መስመር መካከል ያለው ትልቁ የሽቅብ ክፍተት 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በግልጽ ይታያል። ክፍተቱ የሚለካው h² ለ4 ሲካፈል በሚገኘው ነው። h 0.1 ሲሆን ክፍተቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የእርሳስ ጫፍ ውፍረት ይሸፍነዋል። ርቀቱ አሥር ጊዜ ሲያንስ ክፍተቱ መቶ ጊዜ ያንሳል። የስልክ ካርታን በጣት እየሳቡ ሲያቀርቡት ጠማማው መንገድ ቀጥ እያለ እንደሚመጣ ሁሉ ደሪቬቲቭ ያለው ኩርባም በነጥቡ አጠገብ እያጎሉ ሲያዩት ከቀጥታ መስመር መለየት ያቅታል፤ ያ ቀጥታ መስመር ታንጀንቱ ነው።

ሁሉም ኩርባ እንዲህ አይታዘዝም። y = |x| የ V ቅርጽ አለው፤ ጫፉ ዜሮ ላይ ነው። ከቀኝ ለሚመጣ ሴካንት ሁሉ ተዳፋቱ 1 ነው፤ ከግራ ለሚመጣው ሁሉ −1። የቱንም ያህል ቢጠጉ ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም፤ የቱንም ያህል ቢያጎሉትም ጫፉ ጫፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እዚያ ነጥብ ላይ ደሪቬቲቭ የለም። በሁለቱም ወገን መሞከር ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የሞከረ ሰው «ተዳፋቱ 1 ነው» ብሎ በስሕተት ይወጣል። ጀርመናዊው ካርል ቫየርሽትራስ ደግሞ በ1872 ሳይቆራረጥ የሚሄድ፣ ነገር ግን በአንድም ነጥብ ላይ ደሪቬቲቭ የሌለው ኩርባ አቀረበ። ያ ኩርባ ባጎሉት ቁጥር አዲስ ጉብታና ስርጉድ ያወጣል፤ ሴካንቶቹ የትም አይረጉም።

ሌላው ፈተና ከወረቀት ወጥተን ስንለካ የሚመጣው ነው። ወደ ሯጩ እንመለስና በ12 ሜትር በሰከንድ የሚሮጥ ሰው በመቶኛ ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የቦታው መለኪያ በ1 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ይዛባል፤ 12 የነበረው 11 ወይም 13 ሆኖ ይወጣል። ለአንድ ሙሉ ሰከንድ የለካ ሰው ግን በዚያው የ1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት የሚዛባበት በመቶኛ ሜትር ብቻ ነው። በሒሳብ h ሲያንስ መልሱ ይጠራል፤ በመለኪያ h ከልክ በላይ ሲያንስ ስሕተቱ ያብጣል። በዚያ ላይ ሯጭ በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩ መሬት ሲነካ ትንሽ ይገታል፣ ሲገፋ ደግሞ ይፈጥናል። በጣም አጭር ጊዜ የለካ ሰው የሚያገኘው የእርምጃውን መወዛወዝ ነው። ስለዚህ የስፖርት ባለሙያዎች ልኬቶቹን መጀመሪያ ለስላሳ ኩርባ አድርገው ያስተካክሏቸዋል፤ ተዳፋቱን የሚያሰሉት ከዚያ ኩርባ ላይ ነው።

ኮምፒውተርም ከዚህ አያመልጥም። ከላይ የሠራነውን በፓይተን ቋንቋ የሚያሰላ ጥቂት ኮድ ይኸውና፦

```python
for h in [0.1, 0.001, 1e-15, 1e-16]:
    print(h, ((1 + h)**2 - 1) / h)
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እንደጠበቅነው 2.1 እና 2.001 ገደማ ይሰጣሉ። ሦስተኛው ግን 2.22 ገደማ ይላል፤ ከ2 ጋር ይበልጥ መቀራረብ ሲገባው ራቀ። አራተኛው ጭራሹን 0 ይሰጣል። ምክንያቱ ኮምፒውተሩ አንድን ቁጥር የሚይዘው 16 ያህል አሃዝ ብቻ ይዞ መሆኑ ነው። 1 ላይ እጅግ ትንሿን 1e-16 ሲጨምርባት ድምሩን የሚይዝበት አሃዝ ስለሌለው ያጠጋጋውና 1 ብቻ ይቀራል፤ ሁለቱ ነጥቦች በኮምፒውተሩ ዓይን አንድ ሆኑ፣ ሴካንቱም ጠፋ። 1e-15 ላይ ደግሞ ድምሩ ሲጠጋጋ h ራሷ ከአሥር እጅ አንድ በላይ ተዛባች። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ለዚህ ዓይነት ስሌት h መካከለኛ አድርገው የሚመርጡት፣ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሚሊዮንኛ ብዙም የማያንስ፣ ለዚህ ነው። መልሱ ትክክል መሆኑን ለማወቅም h በመጠኑ ሲለዋወጥ ውጤቱ ይረጋ እንደሆነ ያያሉ፤ መርጋቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረ h ከልክ በላይ አንሳለች።

ይህን ሁሉ በእጁ ለመሞከር የፈለገ አንባቢ የስልኩን ካልኩሌተር ያውጣና የ y = √x ኩርባን x = 4 ላይ ይያዝ። የ4.1 ስኩዌር ሩት ላይ 2 ቀንሶ ለ0.1 ያካፍል፤ 0.2485 ገደማ ያገኛል። በ4.01 ቢሞክር 0.2498 ገደማ ይሆናል። ከግራ በ3.9 ሲመጣ 0.2516፣ በ3.99 ሲመጣ 0.2502 ገደማ ያያል። አሁን ያገኙት ቁጥሮች መሀላቸው የሚያስገቡትን ቁጥር ይገምቱ። ከዚያም ልብ ይበሉ፤ በ x² ላይ ከቀኝ የሚመጡት ሴካንቶች ከታንጀንቱ ይልቅ ቀጥ ያሉ ነበሩ፣ እዚህ ግን ከቀኝ የሚመጡት ለጥ ያሉ ናቸው። የሁለቱን ኩርባዎች ሥዕል ጎን ለጎን ሥለው ለምን እንደተገለበጡ ራስዎ ይፈልጉት።